ቁልቁለት ለሚያመው ጉልበት

ደረጃ ሲወጡ ወይም ዳገት ሲያያዙ ከጉልበትዎ ሎሚ ጀርባ የሚወጋ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ደግሞ የሚብስ ሕመም ካለብዎት፣ ሕመሙ የትኛው እንደሆነ መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ጉልበት ውስጥ የሚያም ነገር ብዙ ነው፤ መፍትሔውም እንደ ሕመሙ ይለያያል። እዚህ የምንነጋገረው በሎሚውና በጭን አጥንት መካከል ያለው መገጣጠሚያ ከለመደው በላይ ሲጫንበት ስለሚመጣው ሕመም ነው። ሯጮች ላይ ስለሚያዘወትር «የሯጮች ጉልበት» ይባላል። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ወደ ሊማሊሞና ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ግን ሮጦ የማያውቅ ሰውም ያገኘዋል፤ አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ባለ በቅሎው፣ ከምንጭ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣው ልጅ።

ምልክቱ እንዲህ ነው። «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ሲባል ሰውየው በአንድ ጣት አንድ ነጥብ አያሳይም፤ መዳፉን ሎሚው ላይ ጭኖ «እዚህ፣ ዙሪያውን» ይላል። ሕመሙ በአንድ ቀን አደጋ ሳይሆን ቀስ በቀስ የጀመረ ነው። ሜዳ ላይ ሲሄዱ ቀለል ይላል፤ ደረጃ፣ ዳገት፣ ቁጢጥ ማለትና ሩጫ ያስነሱታል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ጉልበትዎን አጥፈው በሚኒባስ ተቀምጠው ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እርምጃዎች የሚያሠቃዩዎት ከሆነ፣ ይህም ከዚሁ ሕመም የታወቁ ምልክቶች አንዱ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ግድግዳ ወይም በር ይዘው ቀስ ብለው ቁጢጥ ይበሉ። ሲወርዱ ሕመሙ በሎሚው ዙሪያ ወይም ከጀርባው ከመጣ፣ ይህ ፈተና ካሳመማቸው አስር ሰዎች ስምንቱ ያህል ያላቸው የምንናገርለት ሕመም ነው። ሕመሙ ከሎሚው በታች ባለው ጅማት ላይ በአንድ ነጥብ ከሆነ፣ ወይም በጉልበቱ የውጭ ጎን ብቻ ከሆነ፣ ሌላ ነገር ነው። በእድገት ላይ ያለ ልጅ ከሎሚው በታች ቅልጥሙ ላይ ያበጠና ሲነኩት የሚያም ጉብታ ካለው እሱም ሌላ ነው።

ቀጥሎ የሚዘረዘሩት ምልክቶች ካሉ ግን ይህን መመሪያ ይተዉና ጤና ተቋም ይሂዱ። ጉልበቱ ከወደቁ ወይም ከተጠመዘዙ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፤ ሊታጠፍ ወይም ሊዘረጋ ሲል ተቆልፎ ከቀረ፤ ሲረግጡት ከዳ፤ ቀልቶና ግሎ ትኩሳት ካለው፤ ሌሊት ሳይንቀሳቀሱ እያመመ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ፤ ወይም ባትዎ አብጦ ከጠጠረ። ጉልበቱን አሞኝ እያለ የሚያነክስ ልጅ ደግሞ ዳሌው መታየት አለበት፤ የዳሌ ችግር በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ጉልበት ላይ ሕመም ሆኖ ይሰማልና።

ለምን ያማል?

ሎሚው በጭኑ የፊት ጡንቻ ጅማት ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ አጥንት ነው። ጉልበትዎ ሲታጠፍና ሲዘረጋ በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ጉልበቱ ይበልጥ በታጠፈ ቁጥርና የጭን ጡንቻው በሳበ ቁጥር ሎሚው ቦዩ ላይ ይጫናል። ሜዳ ላይ ሲራመዱ ይህ ጭነት ከክብደትዎ አይበልጥም። ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የክብደትዎን 3 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ በሩጫና በጥልቅ ቁጢጥ ከዚያም በብዙ ያልፋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ የደረጃ እርምጃ ሎሚው ላይ 180 ኪሎ ያህል ያርፍበታል ማለት ነው። ጀርባው ላይ 20 ኪሎ ሲጨምር ጉልበቱ ላይ የሚጨመረው 20 ሳይሆን 60 ይሆናል።

ጤነኛ ጉልበት ይህን ሁሉ ይችላል፤ የለመደው ከሆነ። ችግሩ የሚመጣው ጭነቱ ጉልበቱ ከሚለምድበት ፍጥነት ቀድሞ ሲያድግ ነው። በደባርቅ ይህ በየዓመቱ የሚደጋገም ነገር ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ መንገዱን ሲይዘው ወደ ፓርኩ የሚገባው ጎብኚ ይሳሳል፤ አስጎብኚውና ባለ በቅሎው ቤታቸው ይሰነብታሉ። ጥቅምት ሲብት ደግሞ ጉዞው በአንድ ጊዜ ይደራረባል። ከጨነቅ ተነስቶ የቧሂትን መተላለፊያ አልፎ ወደ መሸሃ ወንዝ መውረድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ወደ አምቢቆ መውጣት ይቀራል። ወራት ያረፈ ጭን ይህን በአንድ ቀን ሲሸከም ሎሚው ቢያጉረመርም አያስገርምም።

ቁልቁለት ከዳገት የሚብሰው ስለምንድን ነው? ሲወጡ ጡንቻው እያጠረ ይገፋል። ሲወርዱ ግን ጡንቻው እየተለጠጠ ሰውነትዎን በፍሬን እንደ መያዝ ይይዛል። ይህ የመያዝ ሥራ የጭን ጡንቻውን ያደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ደግሞ ጉልበቱን በልኩ አይመራም። የዳሌዎ የጎን ጡንቻ ደካማ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትዎ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ሎሚውም በቦዩ አንድ ጠርዝ ላይ ያርፋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ ይታወቅ። ይህ ሕመም «አጥንቴ ተበልቷል፣ ጉልበቴ አልቋል» ማለት አይደለም። ራጅ ቢነሱ ብዙውን ጊዜ ምንም አይታይም። ሎሚው ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ጠቅጠቅታም ሕመም እስከሌለው ድረስ የጉዳት ምልክት አይደለም። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ጉልበቱ አልቋል ብሎ ያመነ ሰው እግሩን ያሳርፋል፤ ጭኑ ይሰልላል፤ ከወር በኋላ ያቺኑ ደረጃ ሲወጣ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ ጭነቱን ይቀንሱ

ለሚቀጥሉት 2 ሳምንታት አንድ መለኪያ ይያዙ። ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ይለኩት፤ 0 ምንም፣ 10 የማይቻል። የሚሠሩት ማንኛውም ነገር ሕመሙን ከ3 በላይ እንዳያደርሰው ይጠንቀቁ፤ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱም ከትናንት ጠዋት የባሰ መሆን የለበትም። ሁለቱ ከተጠበቁ ያደረጉት ልክ ነው። በማግስቱ ከባሰብዎት ትናንት አብዝተዋል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ በሢሶ ይቀንሱ።

መቀነስ ማለት መተኛት አይደለም። ሜዳ ላይ ይራመዱ፣ ሥራዎን ይሥሩ። የሚቀንሱት ሎሚውን የሚጫኑትን ነው፦ ረጅም ቁልቁለት፣ ሸክም ይዞ ደረጃ መውጣት፣ ጥልቅ ቁጢጥ፣ በዝቅተኛ በርጩማ ረጅም ሰዓት መቀመጥ። ቡና ሲያፈሉ በርጩማውን ከፍ ባለ ወንበር ይተኩ። በየ20 ደቂቃው እግርዎን ዘርጋ ያድርጉ። የሚሸከሙትን ውሃ በሁለት ዙር በ10 ሊትር ቢያደርጉት ጉልበትዎ ይተነፍሳል።

ስግደትም የጉልበት ጭነት ነው። በዐቢይ ጾም፣ ይልቁንም በሰሙነ ሕማማትና በስቅለት ዕለት የሚሰገደው ስግደት ጉልበትን እስከ መጨረሻው አጥፎ በተደጋጋሚ የሚያስነሣ ነው። ጉልበትዎ የታመመ ከሆነ አስቀድመው ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ለታመመ ሰው የሚሆነውን እሳቸው ያውቃሉ። ሙስሊም ከሆኑም ለታመመ ሰው ሶላትን በወንበር ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ ነው። ሕመሙን ደብቀው በአንድ ቀን የሚያደርጉት የብዙ ሳምንት ልምምድ ሊያበላሽ ይችላል።

ደረጃ ማስቀረት ካልቻሉ አወጣጥዎን ይለውጡ። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም፤ በዚህ መንገድ ከባዱን ሥራ ሁልጊዜ ደህናው እግር ይሠራዋል። እግርዎን ሙሉ በሙሉ ደረጃው ላይ ያሳርፉ እንጂ በጣት አይርገጡ። ወገብዎን ሳያጎብጡ ከዳሌዎ ጀምረው ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብሉ፤ ሥራው ከጭን ፊት ወደ መቀመጫ ጡንቻ ይሸጋገራል። ቁልቁለት ላይ እርምጃዎን ያሳጥሩ፤ ስፋት ባለበት ቦታ ቀጥ ብለው ከመውረድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠማዘዙ ይውረዱ።

ዱላም ይያዙ። የሰሜን ሰው ዱላ ሳይዝ መንገድ አይወጣም፤ ብዙው ግን ትከሻው ላይ ያጋድመዋል እንጂ አይደገፍበትም። ቁልቁለት ላይ ዱላውን ከእግርዎ ቀድመው ታች ይትከሉት፣ ክብደትዎን ይጫኑበት፣ ከዚያ ይርገጡ። በሁለት ዱላ ቁልቁለት የወረዱ ሰዎች ሲለኩ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ጭነት ከ12 እስከ 25 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። አንድ ዱላ ብቻ ካለዎት ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ይያዙት።

የኩቤክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ይህ ሕመም ያለባቸውን 69 ሯጮች በሦስት ከፍለው ለ8 ሳምንት ተከታትለዋል። አንዱ ቡድን የተነገረው እንደ ሕመሙ መጠን ጭነቱን እንዴት እንደሚያስተካክል ብቻ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ላይ የማጠንከሪያ እንቅስቃሴ፣ ሦስተኛው የአሯሯጥ ለውጥ ተጨመረለት። ሦስቱም እኩል ተሻላቸው። ስለዚህ ሕመምን እየለኩ ጭነትን መግራት ከልምምዱ በፊት የሚመጣ ትልቁ መድኃኒት ነው። ታዲያ ማጠንከር ለምን አስፈለገ? ሯጭ ሩጫውን መቀነስ ይችላል፤ ደባርቅ ላይ የሚኖር ሰው ግን ተራራውን ዝቅ ማድረግ አይችልም። ጭነቱ የማይቀር ከሆነ ጡንቻው ማደግ አለበት። በሌሎች ብዙ ጥናቶችም የጭንና የዳሌ ጡንቻን አብሮ ማጠንከር ሕመሙን እንደሚያቀል ታይቷል።

የማጠንከሪያው ልምምድ

ዕቃ አያስፈልግም፤ ምንጣፍ፣ ግድግዳ፣ መደብ፣ ጋቢ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ጀሪካንና የጀርባ ቦርሳ ይበቃል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከላቸው አንድ ቀን እያሳረፉ ይሥሩ። ሕመም አንዱን ጉልበት ብቻ ቢነካም ሁለቱንም እግር ያሠሩ።

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ልምምድ መሬት ላይ ተኝተው የሚሠሩት ነው፤ ሎሚውን ብዙም ሳይጫን ጡንቻውን ያነቃል። በጀርባዎ ይተኙ፤ ደህናውን እግር አጥፈው መሬት ላይ ይትከሉ። የታመመውን ቀጥ አድርገው ዘርግተው ጭኑን ያጥብቁት፤ በእጅዎ ዳስሰው መጠጠሩን ያረጋግጡ። ጉልበቱ ሳይላላ ተረከዝዎን ከመሬት ስንዝር ተኩል ያህል ያንሱ፣ እስከ 5 ይቁጠሩ፣ በዝግታ ያውርዱ። 10 ጊዜ ያድርጉ፤ አንድ ደቂቃ ያርፉ፤ ይህን ሦስት ዙር ይድገሙ። ሲያወርዱ እግሩ ዱብ ካለ በጣም ፈጥነዋል።

ቀጥሎ ወደ ጎንዎ ይተኙ፤ ጀርባዎንና ተረከዝዎን ግድግዳ ያስነኩ። የላይኛውን እግር ተረከዙ ግድግዳውን ሳይለቅ ወደ ላይ ያንሸራትቱት። ግድግዳው ያስፈለገው ብዙ ሰው በዚህ ልምምድ ስለሚሳሳት ነው፤ እግሩ ወደ ፊት ይመጣል፣ ጣቶቹም ወደ ሰማይ ይዞራሉ፣ ሥራውን የዳሌው የፊት ጡንቻ ይወስደዋል። በትክክል ሲሠሩት ድካሙ የሚሰማው መቀመጫዎ ጎን ላይ፣ ከኪስዎ ኋላ ነው። እዚያ ካልተሰማዎት አቀማመጥዎን ያስተካክሉ። 12 ጊዜ በሦስት ዙር። ከዚያ በጀርባዎ ተኝተው ሁለቱንም እግር አጥፈው መቀመጫዎን ከመሬት ያንሱ፤ ትከሻ፣ ዳሌና ጉልበት አንድ መስመር ሲሆኑ እስከ 5 ቁጥር ይቆዩ። ይህም 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቆመው የሚሠሩትን ይጀምሩ። ጉልበትን የሚለውጠው ዋናው ሥራ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ።

የመጀመሪያው ከመደብ መነሣት ነው። መደቡ ላይ ጋቢ ብዙ ጊዜ አጥፈው ያስቀምጡና ከፍ ያድርጉት፤ ሲቀመጡ ዳሌዎ ከጉልበትዎ በግልጽ ከፍ ይበል። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ይነሱ፤ ሲቀመጡ ግን እስከ 3 እየቆጠሩ ይውረዱ። 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሕመሙ ከ3 ሳያልፍ 12 ጊዜ መሥራት ሲችሉ ከጋቢው አንድ እጥፋት ይቀንሱ። ከፍ ብሎ መጀመር ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ቆመው ሲሠሩ ጉልበቱ እስከ 45 ዲግሪ፣ ማለትም ከሙሉ መቀመጫ ግማሽ መንገድ ያህል እስኪታጠፍ ድረስ ሎሚው የሚሸከመው ትንሽ ነው፤ ከዚያ በታች ጭነቱ በፍጥነት ይጨምራል። ጋቢውን አንድ በአንድ መቀነስ ማለት ጉልበቱን ወደዚያ ጥልቀት በሳምንታት ውስጥ ማለማመድ ነው።

ሁለተኛው ድንጋይ ላይ መውጣት ነው። የማይነቃነቅ፣ ግማሽ ስንዝር ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ይፈልጉ። የታመመውን እግር ሙሉ በሙሉ ጭነውበት በእሱ ብቻ ይውጡ፤ ከታች ያለው እግር መሬቱን ገፍቶ እንዳያግዝ ጣቶቹን ወደ ላይ ያንሱ። በዚያው እግር እስከ 3 እየቆጠሩ ይውረዱ። 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሲቀልልዎት ከፍታውን ወደ 15፣ ከዚያም የተራ ደረጃ ልክ ወደሆነው 20 ሴንቲ ሜትር ያሳድጉ።

ሦስተኛው የቁልቁለት ልምምድ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ወደ ጎን ዞረው በታመመው እግር ይቁሙ፤ ደህናው እግር በአየር ላይ ይንጠልጠል። የቆመበትን ጉልበት ቀስ አድርገው እያጠፉ የተንጠለጠለውን ተረከዝ መሬት ያስነኩ፤ ሳይጫኑበት ይመለሱ። ለዚህ ልምምድ የሚያይዎት ሰው ይፈልጉ፤ ከፊትዎ ቆሞ ሦስት ነገር ይመልከት። ጉልበትዎ ከእግርዎ ሁለተኛ ጣት መስመር ወጥቶ ወደ ውስጥ ይወድቃል? በተንጠለጠለው እግር በኩል ያለው ዳሌ ዝቅ ይላል? ተረከዝዎ ከድንጋዩ ይነሣል? ከሦስቱ አንዱ ካለ ድንጋዩ ከፍ ብሏል፤ ወደ ዝቅተኛው ይመለሱ። በጥሩ አኳኋን የተሠራ 6 ጊዜ፣ በተበላሸ አኳኋን ከተሠራ 20 ይሻላል።

ከስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ክብደት ይጨምሩ። የጀርባ ቦርሳ ውስጥ 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 5 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ወደ 10 ያድጋሉ። ትክክለኛው ክብደት በየዙሩ የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች የሚከብዱበት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ይቀራል፤ ቀላሉን ልምምድ ለወራት 30፣ 40 ጊዜ ይሠራና «አልረዳኝም» ይላል። ጡንቻ የሚጠነክረው ሲከብደው ነው። ሸክም ይዞ ተራራ የሚወርድ ሰው ሸክም ይዞ ካልተለማመደ ልምምዱ ከሥራው በታች ሆኖ ይቀራል።

አንድ ምሳሌ ከደባርቅ

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሄድ ለማየት፣ 27 ዓመት የሆነውና 60 ኪሎ የሚመዝን አንድ አስጎብኚ እናስብ። ክረምቱን ከደባርቅ ብዙም አልወጣም። በጥቅምት ሦስት ጉዞ ደራርቦ ያዘ፤ በሦስተኛው ከቧሂት ወደ መሸሃ ሲወርድ የቀኝ ጉልበቱ ሎሚ ዙሪያ 6 ደረሰ። ሲያጠፈው ያማል፤ እብጠት የለም፤ አልተቆለፈም፤ አልከዳውም።

የመጀመሪያ ሐሳቡ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ማሳሸት፣ ማስታገሻ ክኒን ውጦ ቀጣዩን ጉዞ መውጣት ነበር። ጭንን በቀስታ ማሸት አይጎዳውም፤ ሎሚውን በኃይል መግፋትና መጎተት ግን የተቆጣውን ቦታ ይበልጥ ያስቆጣዋል። ክኒኑ ደግሞ ሕመሙን እንጂ ጭነቱን አይቀንስም። ከቁልቁለት በፊት የተዋጠ ማስታገሻ ከ0 እስከ 10 ያልነውን መለኪያ ያጠፋዋል፤ ሰውየው ስንት ላይ እንደነበረ የሚያውቀው በማግስቱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አደረገ። ለ2 ሳምንት ወደ መሸሃ የሚወርደውን ጉዞ ለባልደረባው ለቆ፣ በሳንካበርና በግጭ አካባቢ ያሉትን አጫጭር ጉዞዎች ያዘ፤ ሻንጣውን በቅሎዋ ላይ ጫነ፤ ዱላ ያዘ። የተኝቶ ልምምዱን ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ደረጃ ሲወጣ ሕመሙ ከ6 ወደ 3 ወረደ። በሦስተኛው መደብና ድንጋይ ጀመረ፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ላይ እንኳ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ወንድሙ ስላየ፣ ወደ ጎን ተኝቶ የሚሠራውን ልምምድ አልተወውም።

በአምስተኛው ሳምንት ጉልበቱ ስለቀለለው ሙሉውን የመሸሃ ቁልቁለት ወረደ። በማግስቱ ጠዋት 5 ሆነ። ይህ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ነጥብ ነው። እሱ ግን አንድ እርከን ብቻ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ድንጋዩን ከ15 ወደ 10 አወረደ፣ ለአንድ ሳምንት ረጅም ቁልቁለት ተወ፣ ልምምዱን ግን አላቋረጠም። በሰባተኛው ሳምንት ከወደቀበት ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱን በልክ መለሰው፤ መጀመሪያ ከቧሂት መተላለፊያ ወደ ጨነቅ ብቻ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሻንጣውን ይዞ፣ በአሥረኛው ሳምንት ወደ መሸሃ ያለ ሻንጣ፣ በአሥራ ሁለተኛው ከሻንጣው ጋር። በየጉዞው ጠዋት ጠዋት ሕመሙን ይለካ ነበር።

ከ6 እስከ 12 ሳምንት የተለመደው ጊዜ ነው። ለዓመታት የቆየ ሕመም ግን ከዚህ በላይ ይፈልጋል። ይህ ሕመም ተመላላሽም ነው፤ ከ5 እስከ 8 ዓመት በተከታተሉ ጥናቶች ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሙሉ በሙሉ አልዳኑም። በጊዜ የጀመሩት የተሻለ ዕድል ያላቸው ይመስላል፤ ስለዚህ «ይለቀኛል» ብሎ ወራት መቆየት አይመከርም።

ለሚሮጡ

ጠዋት አስፋልት ላይ የሚሮጡ የደባርቅና የዳባት ልጆች ከላይ ካለው ላይ ሁለት ነገር ይጨምሩ። አንደኛው እርምጃን ማሳጠር ነው። ለአንድ ደቂቃ ቀኝ እግርዎ መሬት የነካበትን ቆጥረው በሁለት ያባዙ። 160 ከሆነ፣ ፍጥነትዎን ሳይጨምሩ ወደ 170 ወይም 176 ያድርሱት። እርምጃ በ10 በመቶ ሲበዛ እግር ከሰውነት ርቆ አያርፍም፤ ሎሚው ላይ የሚያርፈው ጭነትም በ14 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያደክማል፤ በየሩጫው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እየሞከሩ ይልመዱት።

ሁለተኛው የሩጫውን መንገድ መምረጥ ነው። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የሚወስደው መንገድ ሲሄዱ የሚያስደስት፣ ጉልበት ለታመመ ግን የማይመች ነው፤ መጀመሪያ ቁልቁለቱ ጭኑን ያደክማል፣ ሲመለሱ ዳገቱ የደከመውን ጭን ያገኘዋል። እስኪሻልዎት ሜዳውን ይምረጡ፤ 1 ደቂቃ ሮጠው 1 ደቂቃ እየተራመዱ 10 ጊዜ ይድገሙ። ሕመሙ ከ2 ካላለፈና ሩጫው ካለቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደነበረበት ከተመለሰ በሚቀጥለው ጊዜ የሩጫውን ደቂቃ ይጨምሩ። ቁልቁለትን በመጨረሻ ይመልሱ።

ጫማን በተመለከተ፣ ተረከዙ በአንድ ወገን የተበላ ጫማ ይቀይሩ። ፋርማሲ የሚሸጠው የጉልበት ማሰሪያ ለጥቂት ሳምንት ሊያቀል ይችላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ልምምዱን ለመሥራት ከረዳዎ ይጠቀሙበት። ስድስት ሳምንት በትክክል ሠርተው ለውጥ ካላዩ ደባርቅ ወይም ዳባት ባለው ጤና ተቋም ታይተው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወዳለው ፊዚዮቴራፒ ክፍል እንዲልኩዎት ይጠይቁ። ሲሄዱ የሕመምዎን የየቀኑ ቁጥርና እስካሁን የሠሩትን ልምምድ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ባለሙያው ከዚያ ተነሥቶ ቀሪውን ልምምድ ይቀጥላል።